የአንድ ጀሪካን ውሃ ዋጋ ስንት ይሁን? ናፍጣን፣ ጥገናን እና የጠባቂን ደመወዝ የሚሸፍን ታሪፍ አወጣጥ

የውሃ ኮሚቴዎች ታሪፍ ሲያወጡ በብዛት የሚሳሳቱት በወጪው ላይ ሳይሆን ወጪውን በሚያካፍሉበት ቁጥር ላይ ነው። የዓመቱን ወጪ ይደምሩና ከጉድጓዱ በወጣው ውሃ መጠን ያካፍሉታል። ከጉድጓድ የወጣ ውሃ ሁሉ ግን ገንዘብ ሆኖ አይመለስም። ከፊሉ በቧንቧ መስመር ላይ ይፈስሳል፣ ከፊሉ በቦኖው ሥር ይደፋል፣ ከፊሉ መክፈል ለማይችሉ ሰዎች በነፃ ይሰጣል። ጀኔሬተሩ ለዚህ ሁሉ ውሃ ናፍጣ አቃጥሏል። ስለዚህ ታሪፉ የሚገኘው ወጪውን ዋጋ በተከፈለበት ውሃ ብቻ በማካፈል ነው።

ይህ መመሪያ በናፍጣ ጀኔሬተርና በጉድጓድ ውስጥ በሚጠልቅ ፓምፕ ለሚሠራ፣ ውሃን በቦኖ ለሚያከፋፍል አነስተኛ ተቋም የተዘጋጀ ነው። ስሌቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለማሳየት 160 አባወራዎችን የሚያገለግል አንድ ተቋም በምሳሌነት እንይዛለን። የብር መጠኖቹ ለማስላት እንዲመቹ የተመረጡ ስለሆኑ በየቦታቸው የእናንተን ዋጋ ተኩባቸው።

በመጀመሪያ ለኩ

ሁለት ነገሮችን በራሳችሁ መለካት አለባችሁ፦ ጀኔሬተሩ በሰዓት ስንት ሊትር ናፍጣ እንደሚያቃጥልና ፓምፑ በሰዓት ስንት ሜትር ኩብ ውሃ እንደሚያወጣ። በማሽኑ ላይ የተለጠፈው ቁጥር አይበቃም። የማሽኑ ዕድሜ፣ የጉድጓዱ ጥልቀትና የጭነቱ መጠን ያንን ቁጥር ይለውጡታል።

ናፍጣውን ለመለካት ጀኔሬተሩ በደልዳላ ቦታ ላይ ቆሞ ታንኩን እስከ አፉ ሙሉት። ፓምፑን ያለማቋረጥ ለ4 ሰዓት አሠሩ። ከዚያ አጥፉትና ልኩ በሚታወቅ ዕቃ ታንኩን እንደገና እስከ አፉ ሙሉት። የጨመራችሁት ናፍጣ በ4ቱ ሰዓት የተቃጠለው ነው። የነዳጅ ጠቋሚውን መርፌ አትመኑ፤ የጥቂት ሊትር ልዩነት አያሳይም። ልኬቱን በሌላ ቀን ድገሙት፤ ሁለቱ ውጤቶች ካልተቀራረቡ ለሦስተኛ ጊዜ ለኩ።

ውሃውን ለመለካት በጉድጓዱ አፍ ላይ ቆጣሪ ካለ ከማስነሣታችሁ በፊትና ካጠፋችሁ በኋላ አንብቡ። ቆጣሪ ከሌለ ልኩ የሚታወቅ ማጠራቀሚያ ታንከር ይሠራል። የቦኖውን መስመር ዝጉና ባዶው ታንከር እስኪሞላ ያለውን ጊዜ ያዙ። 10,000 ሊትር የሚይዝ ታንከር በ1 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከሞላ ፓምፑ በሰዓት 8 ሜትር ኩብ ያወጣል ማለት ነው።

በምሳሌያችን ጀኔሬተሩ በ4 ሰዓት 12 ሊትር አቃጠለ፣ ፓምፑም 32 ሜትር ኩብ አወጣ። በሰዓት 3 ሊትርና 8 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ ለአንድ ሜትር ኩብ ውሃ ደግሞ 0.375 ሊትር ናፍጣ ይደርሳል። ይህን የመጨረሻ ቁጥር በኮሚቴው መዝገብ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉት፤ በኋላ እንመለስበታለን።

የዓመቱን ወጪ በሁለት ክፈሉት

አንዳንዱ ወጪ ፓምፑ በሠራ ቁጥር ይጨምራል፤ አንዳንዱ ደግሞ ውሃ ቢሸጥም ባይሸጥም ይከፈላል። ሁለቱን ለይቶ መያዝ ክረምት ሲመጣ ዋጋው ይታያል።

በመጀመሪያው ክፍል ናፍጣና የሞተር ሰርቪስ ይገባሉ። ተቋማችን በ8ቱ የበጋ ወራት በወር 600፣ ሰዎች የዝናብ ውሃ በሚጠቀሙባቸው 4 ወራት ደግሞ በወር 300 ሜትር ኩብ ያወጣል። በዓመት 6,000 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 750 የሥራ ሰዓት ይሆናል። በሰዓት 3 ሊትር ሲሰላ 2,250 ሊትር ናፍጣ ያስፈልጋል። የናፍጣውን ዋጋ በማደያው ሳይሆን ጀኔሬተሩ አጠገብ በሚደርስበት ዋጋ ያዙ፤ መጓጓዣውና በርሜሉ ዋጋ አላቸው። በሊትር 120 ብር ብንል በዓመት 270,000 ብር ይመጣል። የሞተር ዘይትና ፊልትሮ የአምራቹን መመሪያ ተከትሎ ይቀየራል፤ በ250 ሰዓት አንድ ጊዜ ቢሆን በዓመት 3 ጊዜ ነው። ለአንድ ጊዜ 8,000 ብር ከፈጀ 24,000 ብር ይሆናል። የዚህ ክፍል ድምር 294,000 ብር ነው፤ ለእያንዳንዱ የወጣ ሜትር ኩብ 49 ብር ማለት ነው።

ሁለተኛው ክፍል ቋሚው ነው፦

- የጠባቂውና የጀኔሬተሩ ኦፕሬተር፣ ማለትም ሁለቱንም ሥራ የሚሠራው ሰው ደመወዝ፣ በወር 4,000፣ በዓመት 48,000 ብር
- ሁለት የቦኖ ሠራተኞች፣ እያንዳንዳቸው በወር 2,000፣ በዓመት 48,000 ብር
- ጥቃቅን ጥገና፣ ማለትም የቧንቧ ራስ፣ ጎሚኒ፣ መገጣጠሚያና የቧንቧ ሠራተኛ የቀን አበል፣ 20,000 ብር
- ደረሰኝ፣ መዝገብና ወደ ባንክ መመላለሻ፣ 6,000 ብር
- ለፓምፕና ለጀኔሬተር መተኪያ የሚቀመጥ፣ 80,000 ብር

ድምሩ 202,000 ብር፣ የሁለቱ ክፍሎች ጠቅላላ ድምር ደግሞ 496,000 ብር ነው።

ስለ ጠባቂው አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንድ ኮሚቴዎች ታሪፉን ዝቅ ለማድረግ የሚቀንሱት የመጀመሪያ ነገር የእሱን ደመወዝ ነው፤ ወይም ከሽያጩ በመቶኛ እንዲከፈለው ያደርጋሉ። ሽያጭ በሚቀንስበት ክረምት ደመወዙ በግማሽ ይወርድና ሌላ ሥራ ፍለጋ ይሄዳል። ዘይቱን በሰዓቱ የሚቀይር፣ የፓምፑ ድምፅ ሲለወጥ የሚሰማ፣ የሚንጠባጠብ ቧንቧ የሚያስተካክል ሰው አብሮ ይጠፋል። ቋሚ ደመወዝ በቋሚ ቀን መክፈል ከማንኛውም መለዋወጫ የሚረክስ ጥገና ነው።

ለመተኪያ የሚቀመጠው ገንዘብ

ከታሪፍ ስሌት ውስጥ ቶሎ ብሎ የሚዘለለው ይህ ነው፤ ዘንድሮ ማንም ስለማይጠይቀው። ፓምፑ ከነሞተሩ ዛሬ 240,000 ብር ቢያወጣና 6 ዓመት ያገለግላል ተብሎ ቢገመት በዓመት 40,000 ብር መቀመጥ አለበት። ጀኔሬተሩ 400,000 ብር ቢሆንና 10 ዓመት ቢያገለግል ሌላ 40,000 ብር ነው። የአገልግሎት ዘመኑን ስትገምቱ ሻጩ ከሚናገረው ይልቅ በአካባቢው ያሉ ተመሳሳይ ጉድጓዶች ያዩትን ጠይቁ። አሸዋ የሚያወጣ ጉድጓድ ፓምፕን ከታሰበው እጅግ ቀድሞ ይጨርሳል፤ ሲከፈት በባልዲ ሥር አሸዋ የሚታይ ከሆነ ዓመቱን አሳጥሩ።

ዋጋ ከዓመት ዓመት ስለሚጨምር የተቀማጩ መጠን በየዓመቱ እንደገና መሰላት አለበት። አሰላሉ ቀላል ነው፦ የዕቃውን የዛሬ ዋጋ ውሰዱ፣ እስካሁን የተቀመጠውን ቀንሱ፣ በቀሪው ዓመት አካፍሉ። ከ3 ዓመት በኋላ 120,000 ብር ተቀምጦ የፓምፑ ዋጋ 300,000 ብር ቢገባ፣ የቀረው 180,000 ብር ለ3 ዓመት ሲካፈል በዓመት 60,000 ብር ይሆናል። ዕቃው በሚበላሽበት ቀን ከመደንገጥ በየዓመቱ ይህን ልዩነት ማየት ይሻላል።

ገንዘቡ ለብቻው በተከፈተ የባንክ ሒሳብ፣ ቢያንስ በሁለት ሰዎች ፊርማ የሚወጣ ሆኖ ይቀመጥ። በየወሩ 6,667 ብር ይገባል። ለናፍጣ ከዚህ ሒሳብ መበደር ከተጀመረ ታሪፉ አንሷል ማለት ነው፤ መስተካከል ያለበትም ታሪፉ ነው።

የጉድጓዱን ቁፋሮና ዋናውን የቧንቧ መስመር በዚህ ስሌት አላስገባንም። አነስተኛ ማኅበረሰብ እነዚህን ከጀሪካን ሽያጭ መተካት ስለማይችል በሌላ ምንጭ የሚሸፈኑ መሆናቸው ለተጠቃሚው በግልጽ ሊነገረው ይገባል።

ዋጋ የሚከፈልበትን ውሃ እወቁ

አሁን የስሌቱ ልብ ላይ ደርሰናል። በጉድጓዱ ቆጣሪና በቦኖዎቹ ቆጣሪዎች መካከል ያለውን ልዩነት ለአንድ ወር መዝግቡ። ቦኖዎቹ ቆጣሪ ከሌላቸው የተሸጡትን ጀሪካኖች ቁጥር በ20 ሊትር አባዙ፤ 50 ጀሪካን አንድ ሜትር ኩብ ነው። ጀሪካኖቹ እውነት 20 ሊትር መሆናቸውንም አረጋግጡ። በ20 ሊትር ዋጋ 25 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን የሚቀዳ ከሆነ ከአምስቱ አንዱ ውሃ ሳይከፈልበት ይሄዳል።

በምሳሌያችን ከወጣው ውሃ 80 በመቶው ቦኖ ላይ ይቀዳል፤ ከ6,000 ሜትር ኩብ 4,800 ማለት ነው። ጉባኤው 12 አባወራዎች በቀን 2 ጀሪካን በነፃ እንዲወስዱ ወስኗል፤ ይህ በዓመት 175 ሜትር ኩብ ያህል ነው። ለማይሰበሰብ ዕዳ ጥቂት ስንቀንስ 4,600 ሜትር ኩብ ወይም 230,000 ጀሪካን ይቀራል።

496,000 ብር ለ4,600 ሲካፈል በሜትር ኩብ 107.83 ብር ይመጣል፤ በጀሪካን 2.16 ብር ነው። ኮሚቴው በ6,000 አካፍሎ ቢሆን ኖሮ 1.65 ብር ያገኝ ነበር። በዚያ ዋጋ ሲሸጥ ዓመቱ ሲያልቅ ከ116,000 ብር በላይ ይጎድላል። ጉድለቱ ከመተኪያው 80,000 ብር ስለሚበልጥ መተኪያው ሙሉ በሙሉ ተበልቶ ዕዳ ይቀራል ማለት ነው።

ወደ ሳንቲም ስታጠጋጉ ተጠንቀቁ

2.16 ብር የሚከፍል ሰው የለም። ወደ 2 ብር ብናወርደው 36,000 ብር ይጎድላል። ወደ 2.50 ብናወጣው 79,000 ብር ይተርፋል፤ ይህ ከተጠቃሚው ኪስ ያለ ምክንያት የወጣ ገንዘብ ነው። መውጫው ኩፖን ነው፦ 4 ጀሪካን በ9 ብር። እያንዳንዱ ጀሪካን 2.25 ብር ይደርሳል፤ የዓመቱ ገቢ 517,500፣ ትርፉ 21,500 ብር ይሆናል። ኩፖን በቦኖው ላይ የሚዘዋወረውን ጥሬ ገንዘብም ያስቀራል፤ ሠራተኛዋ ኩፖን ትሰበስባለች፣ ገንዘቡን የሚቀበለው ገንዘብ ያዡ ነው።

በ2 ብር መሸጥ የግድ ከሆነ መንገዱ ብክነትን መቀነስ ነው። እያንዳንዱ የዳነ ሜትር ኩብ 49 ብር ያተርፋል። 36,000 ብሩን ለማግኘት በዓመት የሚባክነው ውሃ ከ1,200 ወደ 465 ሜትር ኩብ መውረድ አለበት፤ ከወጣው 9 በመቶ ገደማ ነው። ይቻላል፣ ነገር ግን መጀመሪያ ቧንቧው ይጠገን፣ ውጤቱ በቆጣሪ ይታይ፣ ከዚያ ዋጋው ይውረድ።

ክረምቱን በወር በወር አስሉ

በዓመት የሚሞላ ሒሳብ በወር ላይሞላ ይችላል። በበጋ ወር ተቋማችን 460 ሜትር ኩብ ሸጦ 51,750 ብር ያስገባል፤ ወጪው 46,233 ብር ስለሆነ 5,517 ብር ይተርፋል። በክረምት ወር ሽያጩ 230 ሜትር ኩብ ይሆንና ገቢው ወደ 25,875 ብር ይወርዳል። ናፍጣው በግማሽ ቢቀንስም ቋሚው ወጪ እንዳለ ስለሚቆይ 31,533 ብር ይወጣል፤ በየወሩ 5,658 ብር ይጎድላል ማለት ነው። ስለዚህ በጋው ሲያልቅ ከመተኪያው ተቀማጭ ሌላ ቢያንስ 22,700 ብር በእጅ መኖር አለበት። በበጋ የታየውን ትርፍ አይቶ «ታሪፉ በዝቷል» የሚል ሰው ሲነሣ ይህን ስሌት አሳዩት።

ፍትሐዊነቱ የት ላይ ነው?

እያንዳንዱ አባወራ በወር እኩል ይክፈል የሚለው ሐሳብ ለመሰብሰብ ይቀላል። ነገር ግን በቀን 2 ጀሪካን የምትቀዳን ብቸኛ አሮጊትና ከብት የሚያጠጣን ሰው እኩል ያስከፍላል። ቦኖ ላይ ሠራተኛ ካለ በጀሪካን ማስከፈል ፍትሐዊ ነው። ለግንባታና ለንግድ የሚቀዳ ብዙ ውሃ ከመደበኛው ታሪፍ ከፍ ባለ ዋጋ ቢሸጥ ማንንም አይበድልም፤ የቤት ፍጆታ ግን ሁልጊዜ ወረፋ ላይ ይቅደም።

የነፃው ውሃ ክርክር በቁጥር ሲታይ ይቀልላል። 12ቱ አባወራዎች ቢከፍሉ ኖሮ ዋጋው 2.16 መሆኑ ቀርቶ 2.08 ብር ይሆን ነበር። ሌላው ተጠቃሚ በጀሪካን የሚሸከመው 8 ሳንቲም ነው። እነማን እንደሆኑ ጉባኤው ይወስን፣ ዝርዝሩ በየዓመቱ ይከለስ፣ የቀዱትም ይመዝገብ። በመዝገብ የሌለ ነፃ ውሃ ከብክነት አይለይም፤ ለኮሚቴ አባላት የሚሰጥ ነፃ ውሃ ደግሞ የሌላውን ሰው የመክፈል ፍላጎት ይገድላል።

ቀጥሎ አቅሙን መዝኑ። 148ቱ ከፋይ አባወራዎች በበጋ በአማካይ በወር 155 ጀሪካን ያህል ይቀዳሉ፤ ወደ 350 ብር ማለት ነው። የውሃ ወጪ ከቤተሰብ ገቢ ከ3 እስከ 5 በመቶ እንዳይበልጥ የሚመክር የተለመደ መለኪያ አለ። የወር ገቢው ከ7,000 ብር በታች ለሆነ ቤተሰብ 350 ብር ከ5 በመቶ ያልፋል። ከታሪፉ በኋላ ሽያጩ በበጋ ከወደቀና ሰዎች ወደ ወንዝ ወይም ወደ ኩሬ ከተመለሱ ዋጋው ከብዷል። ሽያጭ በ10 በመቶ ቢቀንስ የያዝነው 21,500 ብር ትርፍ ሙሉ በሙሉ ያልቃል፤ ስለዚህ ዋጋን ደጋግሞ መጨመር ገቢን የማይጨምርበት ደረጃ አለ።

በጉባኤ ላይ

ጠቅላላውን 496,000 ብር አትጀምሩበት፤ ሰው የሚያውቀው ጀሪካኑን ነው። በትልቅ ወረቀት ላይ የአንዱን ጀሪካን 2.25 ብር ከፋፍላችሁ ጻፉ፦ ናፍጣ 1.17፣ ዘይትና ፊልትሮ 0.10፣ ጠባቂና የቦኖ ሠራተኞች 0.42፣ ጥቃቅን ጥገናና መዝገብ 0.11፣ ፓምፕና ጀኔሬተር መተኪያ 0.35፣ ለመጠባበቂያ 0.10። ያው ወረቀት በኋላ ቦኖው ላይ ይለጠፍ።

በዚያው ስብሰባ የናፍጣ ዋጋ ሲለወጥ ምን እንደሚደረግ አስቀድማችሁ አስወስኑ። በምሳሌያችን ናፍጣ በሊትር 10 ብር ሲጨምር የጀሪካኑ ወጪ 10 ሳንቲም ያህል ይጨምራል፤ መጠባበቂያውን የሚጨርሰውም ይህ ጭማሪ ነው። «ናፍጣ ከ10 ብር በላይ ከጨመረ ታሪፉ በዚሁ ስሌት ይጨምራል፤ ሲቀንስም ይቀንሳል» የሚል ውሳኔ በቃለ ጉባኤ ከሰፈረ በእያንዳንዱ ጭማሪ ጠብ አይነሣም። ቅናሹንም ማክበር ግዴታ ነው።

በየወሩ የሚታይ አንድ ቁጥር

በመዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ የጻፋችሁት 0.375 አሁን ይጠቅማል። በየወሩ የተቃጠለውን ናፍጣ ለወጣው ውሃ አካፍሉ። ቁጥሩ ወደ 0.45 ከወጣ በዓመት 450 ሊትር ተጨማሪ ናፍጣ፣ ማለትም 54,000 ብር ይጠፋል፤ ታሪፉን የቱንም ያህል በትክክል ብታሰሉት አይበቃም።

ምክንያቱን ለማግኘት የመጀመሪያውን ልኬት ድገሙ። በሰዓት የሚቃጠለው 3 ሊትር እንዳለ ሆኖ የሚወጣው ውሃ ከ8 ሜትር ኩብ ከቀነሰ ችግሩ ከመሬት በታች ነው፦ ፓምፑ አርጅቷል፣ ውሃውን ወደ ላይ የሚያመጣው ቧንቧ ቀዳዳ አለው፣ ወይም የጉድጓዱ የውሃ መጠን ወርዷል። ውሃው 8 ሜትር ኩብ እንደሆነ ቆይቶ ናፍጣው ከ3 ሊትር ካለፈ ችግሩ ሞተሩ ላይ ነው፤ የአየር ፊልትሮውንና የነዳጅ መርጫውን አስመርምሩ። ልኬቱ ሁለቱንም እንደ በፊቱ ካሳየና የወሩ መዝገብ ብቻ ከፍ ካለ ግን ናፍጣው በርሜልና ታንክ መካከል እየጠፋ ነው። ያን ጊዜ የናፍጣ ግዢ ደረሰኝ፣ የሥራ ሰዓት መዝገቡና በርሜሉ ውስጥ የቀረው ናፍጣ ሦስቱም በአንድ ቀን፣ ኦፕሬተሩና ቢያንስ ሁለት የኮሚቴ አባላት ባሉበት ይቆጠሩ።